ቁጥሩ የቴለሩ ነው ወይስ የወንበሩ?

በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ሲመጣ በባንክ ቅርንጫፎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይሰማል። በርትቶ የሠራው «ከሰነፉ እኩል ተቆጠርኩ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሁላችንም ተረባርበን ያመጣነውን ውጤት ለአንድ ሰው ሰጡት» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁለቱንም ቅሬታ ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቻለሁ። ባልደረቦችን በጅምላ መመዘን ፍትሐዊ የሚሆነው መቼ ነው? እያንዳንዱን ለብቻው መመዘንስ?

በገንዘብ አያያዝ በኩል ባንክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። ቴለር ጠዋት ከካዝና የወጣለትን ገንዘብ ቆጥሮ ይረከባል፤ ይፈርማል። ቀኑን ሙሉ ሲስተሙ ውስጥ የሚገባው በራሱ መለያና በራሱ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ማታ በእጁ የቀረውን ጥሬ ገንዘብ ሲስተሙ ከሚያሳየው ሒሳብ ጋር ያመሳክራል። አንድ ሺህ ብር ቢጎድል ጉድለቱ የእሱ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ባልደረባው አትጠየቅም። ካዝናው ግን በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም። ሁለት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹን የሚይዙትም ሁለት የተለያዩ ኃላፊዎች ናቸው። ከካዝናው ገንዘብ ከጎደለ ሁለቱ አብረው ይጠየቃሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊከፍተው አይችልምና።

በቴለሩ ሳጥንና በካዝናው መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው፤ የተጠያቂነቱ ሥርዓት ግን ፍጹም የተለያየ ነው። ውጤቱ ከማን እጅ እንደወጣ በግልጽ የሚታይና የሌላ ሰው እጅ ያልገባበት ከሆነ ተጠያቂው ግለሰቡ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊያደርገው የማይችለው ከሆነ ኃላፊነቱ የጋራ ነው። ይህ ልክ ነው፤ የሚፈርሰውም መለኪያው ሲደፈርስ ነው። ለምሳሌ አንድ ቴለር ምሳ ሊበላ ሲወጣ «በእኔ መለያ ገብተሽ ደንበኞቹን ጨርሺልኝ» ብሎ የይለፍ ቃሉን ከሰጠ፣ ማታ የሚገኘው ጉድለት የማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ወረቀቱ ግን አሁንም አንድ ሰው ይከስሳል።

የአፈጻጸም ምዘና ላይ ስንደርስ ይህ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ አላውቅም። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በአንድ ቅርንጫፍ አምስት የቴለር መስኮቶች አሉ እንበል። በመስኮት ሁለት የተቀመጠችው ቴለር በቀን 180 ደንበኛ ታስተናግዳለች። በመስኮት አራት ያለው ቴለር 90 ያስተናግዳል። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ከሲስተም አውጥቶ ለአንደኛዋ ከፍተኛ፣ ለሁለተኛው ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል። ቁጥሩ ስህተት የለበትም። ፍርዱ ግን ገና አልተጣራም።

ጠጋ ብለን ስናይ መስኮት አራት ለበሩ የቀረበ ነው። የሠፈሩ ነጋዴዎች የቀን ገቢያቸውን በፌስታልና በማዳበሪያ ይዘው የሚቆሙት እዚያ ነው። ባለ አስር ብር ኖት በእስር በእስር እየተፈታ፣ የተቀደደው እየተለየ ይቆጠራል፤ ለአንድ ደንበኛ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በአውራ ጣት የሚፈርሙ አረጋውያን፣ ደብተር የጠፋባቸውና ስማቸው ከመታወቂያቸው ጋር ያልተገጣጠመላቸው ሰዎችም ጥበቃው «ወደዚያ ሂዱ» እያለ የሚልካቸው ወደዚሁ መስኮት ነው። መስኮት ሁለት ላይ ደግሞ ሁለት ሺህ ሦስት ሺህ ብር የሚያወጡ ደመወዝተኞች ይሰለፋሉ።

ታዲያ ልዩነቱ ከሰዎቹ ይሁን ከመስኮቶቹ እንዴት ይለያል? መንገዱ ቀላል ነው፤ ሲደረግ ግን ብዙ አላየሁም። ሁለቱን ቴለሮች ለሁለት ሳምንት ወንበር ማቀያየር ነው። የደመወዝ ሰሞንና የበዓል ዋዜማ ቁጥሩን ስለሚያዛቡት እነዚያን ቀናት መተው ያሻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መስኮት አራት የገባችው ቴለር ወደ 95 ከወረደች፣ መስኮት ሁለት የገባው ደግሞ ወደ 170 ከወጣ፣ ቁጥሩ ወንበሩን ተከትሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ በቁጥሩ ሁለቱን ማበላለጥ ግፍ ነው፤ የአምስቱ መስኮቶች ድምር የአምስቱም ቴለሮች ውጤት ሆኖ መመዘን አለበት። በተቃራኒው ሰውየው መስኮት ሁለት ገብቶም 95 ላይ ከቀረ፣ ሴቲቱም መስኮት አራት ላይ 160 ካስተናገደች፣ ቁጥሩ ሰዎቹን ተከትሏል። ያን ጊዜ «የቡድን ውጤት ነው» እያሉ ሁለቱን ማስተካከል ደግሞ በእሷ ላይ በደል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መልስ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከልዩነቱ አብዛኛው የወንበሩ፣ ጥቂቱ የሰውየው ይሆናል። ለግል ነጥብ መሠረት መሆን ያለበትም ያ ጥቂቱ ብቻ ነው።

ይህን ሳያጣሩ የግል ቁጥር በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የሚያመጣውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ቴለሮች ከባዱን ደንበኛ መሸሽ ይጀምራሉ። ማዳበሪያ የተሸከመ ነጋዴ ሲመጣ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ አረጋዊቷ ከመስኮት ወደ መስኮት ይንከራተታሉ። ነገሩ የሚታወቀው ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ሲያዩ ነው፦ የእያንዳንዱ ቴለር ቁጥር ከፍ እያለ ደንበኛ ወረፋ ላይ የሚቆይበት ጊዜም አብሮ ከረዘመ፣ ምዘናው ሠራተኞቹን እርስ በርስ እያሻማ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የሞባይል ባንኪንግ ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ብሷል። ቀላሉ ክፍያና ዝውውር ወደ ስልክ ሄደ፤ ወደ መስኮት የሚመጣው ከባዱ ነው። የአንድ ቴለር የቀን ቁጥር ሲቀንስ ሰነፈ ማለት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው የሚያስቆጨኝ የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ ነው። ቅርንጫፉ በዓመቱ 60 ሚሊዮን ብር አዲስ ተቀማጭ እንዲያመጣ ይታዘዝና ሥራ አስኪያጁ ለ12 ሠራተኛ እኩል ያካፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ አምስት ሚሊዮን። አጎቱ አስመጪ የሆነ ወጣት በአንድ ስልክ ይጨርሳል። ዘመድ የሌላት ባልደረባው ደግሞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። ሰኔ ሲደርስ ገንዘብ ከወዳጅ ይለመናል፤ ሒሳቡ እስኪዘጋ ይቀመጥና ሐምሌ ላይ ተመልሶ ይወጣል። «ይህ አካውንት የእኔ ነው»፣ «አይደለም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት» የሚል ጠብም ይነሳል። ደንበኛ ግን ገንዘቡን ባንክ ቤት የሚተወው በአንድ ሰው ልመና አይደለም። ወረፋው ስላጠረ፣ ቼኩ በቶሎ ስለተመነዘረለት፣ ጥበቃው በአክብሮት ስለተቀበለው፣ ቅሬታውን የሚሰማ ስላገኘ ነው የሚቆየው። ይህ እንደ ካዝናው ነው፤ አንዱ ብቻውን አይከፍተውም። ስለዚህ ተቀማጭ በቅርንጫፉ ስም ብቻ ይመዘን፤ የሚለካውም በሰኔ መጨረሻ በሚገኘው ገንዘብ ሳይሆን በዓመቱ አማካይ ይሁን። አማካይ ከሆነ የሰኔ ብድር ዋጋ ያጣል።

የጋራ ምዘና የራሱ በሽታ አለው፤ እሱንም መሸፋፈን አይገባም። ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎች ለብቻና በቡድን ገመድ ሲጎትቱ ኃይላቸውን ለክቶ ውጤቱን በአውሮፓውያኑ 1913 አሳትሞ ነበር። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ከሚጎትተው ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኘ። ከጉድለቱ ከፊሉ አብሮ የመሳብ ቅንጅት ማጣት ነው፤ ከፊሉ ግን መለገም እንደሆነ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ እንደሚታይ ሲነገራቸውም ልግመቱ ይቀንሳል። በ12 ሠራተኛ ቅርንጫፍ ውስጥ በየቀኑ የሚያረፍደው ሰው የሚያመጣውን ጉዳት ሌሎቹ አሥራ አንዱ ይሸከሙታል፤ ግን ያዩታል፣ ይናገሩታልም። 200 ሰው ባለበት የዋና መሥሪያ ቤት ክፍል ግን የአንዱ ልግመት ለማንም አይታይም። በእንዲህ ያለ ትልቅ ክፍል ለሁሉም አንድ የቡድን ነጥብ መስጠት ማንንም አለመመዘን ነው። የጋራ ነጥብ የሚሠራው ሰዎቹ የእርስ በርስ ሥራቸውን በዓይናቸው በሚያዩበት፣ ቁጥራቸው አነስ ባለበት ቦታ ነው።

በትንሹ ቅርንጫፍ ውስጥም ቢሆን ለብቻ የሚመዘን ነገር ይቀራል። ሰዓት አክባሪነት፣ የጥሬ ገንዘብ ጉድለትና ትርፍ፣ ተሳስቶ የተሠራና የተሰረዘ ሒሳብ፣ በስም የቀረበ የደንበኛ ቅሬታ፤ እነዚህ ከማን እንደመጡ ይታወቃል። ለእነዚህ የቡድን ሽፋን መስጠት ትጉሁን ማስቀየም ነው።

ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ ማወዳደርም በወንበሩ ጥያቄ ማለፍ አለበት። መርካቶ ያለን ቅርንጫፍ ጸጥ ካለ የመኖሪያ ሠፈር ቅርንጫፍ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ደርድሮ ቦነስ ማበላለጥ አካባቢን መሸለም ነው። ሠራተኞቹን በጅምላ ማዘዋወር አይቻልም፤ ቢያንስ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ካለፈው ዓመት ከራሱ ጋር ይወዳደር።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ተቀማጭ፣ የወረፋ ጊዜና የደንበኛ ብዛት የቅርንጫፉ ይሁኑ፤ ሳጥንና ሰዓት የግለሰቡ ይሁኑ፤ የቴለር ቁጥር የግል ነጥብ ውስጥ የሚገባው ወንበር ተቀያይሮ ከታየ በኋላ ብቻ ይሁን። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ የሚቀጥለውን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ቴለሮቻችሁን ሁለት ሳምንት አቀያይሩ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር ነጥቡን ከመስጠታችሁ በፊት ለራሳቸው ለቴለሮቹ አሳዩአቸው።