ክኒኑ ጾም አያውቅም

እኩዮቼ፣ ስኳር እንዳለብን ከተነገረን ዓመታት የተቆጠሩ፣ ጠዋት ክኒናችንን ውጠን ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንወጣ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም የደረሰብኝ በእናንተ እንዳይደርስ ፈርቼ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒኔን በባዶ ሆዴ ዋጥሁ። ሐኪሙ ያዘዘው ከቁርስ ጋር እንድወስደው ነበር። እኔ ግን እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ቁርሱን ትቼ ክኒኑን ብቻ ወሰድሁ። መድኃኒቱን እስካላቋረጥሁ ድረስ የታዘዝሁትን የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር።

ወደ 6 ሰዓት ገደማ መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ አንገቴን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ልቤ መታ መታ አለ። አጠገቤ ያለው ሰው ሲያናግረኝ ድምፁን እሰማለሁ፣ የሚለው ግን አይገባኝም። ሰዎቹ ጾሙ አድክሞኝ ነው ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። አንዲት ጎረቤታችን፣ ልጇ የስኳር ሕሙም ስለሆነ መለኪያ ከቦርሳዋ የማትለይ፣ ጣቴን ወጋችና አየችው። 48 ይላል። ከ70 በታች ከወረደ ስኳር አንሷል ማለት ነው፤ 48 ደግሞ አእምሮ የሚስትበት ቁጥር ነው። በግማሽ ብርጭቆ ውኃ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣ አጠጣችኝ። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ደግማ ለካች፤ 76 ሆነ። "አባባ፣ አሁኑኑ እህል ካልቀመሱ ተመልሶ ይወርዳል" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ለምን እንደሚወርድ ልንገራችሁ። ይህ ክኒን ቆሽታችንን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል። ምግብ ገባ አልገባ አይጠብቅም፤ ያለውን ስኳር ከደም ውስጥ ማራገፉን ይቀጥላል። በኛ ዕድሜ ደግሞ ኩላሊት ስለሚደክም መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አልፎ እስከ ማግስቱ ይሠራል። ስለዚህ ስኳር ጠጥቶ የነቃ ሰው ድኗል ተብሎ ብቻውን አይተውም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እምብዛም እንዲህ አያደርግም፤ መርፌ የምትወጉ ግን አደጋው በእናንተም ላይ ነው። አቴኖሎልን ወይም ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ፣ የልብ ምትን የሚያበርድ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊደበቅባችሁ ይችላል። ላቡና የሐሳብ መዛባቱ ነው የሚነግራችሁ። ራሱን ስቶ መዋጥ ላቃተው ሰው በአፉ ምንም እንዳይሰጡት ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ ያፍነዋል። እሱን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ጥፋቴ ግን በዚህ አላበቃም። ቤት ስገባ ርሃቡ ጨርሶ አቅሌን አሳተኝ። ባለቤቴ የጾም ፍርፍር በእንጀራ አቀረበችልኝ፤ ሁለት እንጀራ ያህል አነሣሁ። በላዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ጠጣሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 294። ቀትር ላይ በማነስ ልሞት የነበርሁ ሰው ሲመሽ ውኃ እየጠማኝ፣ ሌሊቱን ለሽንት ስመላለስ አደርሁ።

ፍርፍሩን ልብ በሉልኝ። እንጀራ ቆርሰን፣ በእንጀራ ጠቅልለን ነው የምንበላው። ከበርበሬውና ከዘይቱ በቀር ሁሉም ያው አንድ ነገር ነው። ስንቶቻችን ነን ስኳር በሻይ መጨመር ትተን፣ "ጤፍ ለስኳር አይከፋም" ብለን እንጀራውን ሳንቆጥር የምንበላ? ጤፍ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ ከፉርኖ ዳቦ ወይም ሩዝ ከተቀላቀለበት እንጀራ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ደቅቆ የተፈጨ፣ ተቦክቶ የተጋገረ እህል ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ የሚለወጠውም መጠኑ በበዛ ልክ ነው። ማርም እንደዚሁ ስኳር ነው፤ መድኃኒት ነው እያላችሁ በማንኪያ አትላሱ።

ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። እህላቸው በአሰር ተሸፍኖ ፕሮቲንም ስላለበት ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው። ስለዚህ ስኳሩ እንደ ጎርፍ አይመጣም፤ እንደ ጠፈጠፍ ነው። የጾም ገበታችን በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ የምናበላሸው እኛው ነን፤ እንጀራውን አብዝተን ወጡን ለማጥቀሻ ብቻ ስናደርገው። እኔ አሁን ግማሽ እንጀራ ይዤ ገበታው ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ጎመኑን በሹካ እበላለሁ፤ ቀጥሎ ምስሩን ወይም ክኩን፤ እንጀራውን የማነሣው ከዚያ ነው። አትክልትና ጥራጥሬ ቀድመው ሲገቡ የእንጀራው ስኳር ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ይቀንሳል። በዚህ መንገድ በልቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 168 አገኘሁ። ለብዙ ሰው ከ180 በታች ደህና ነው ይላሉ፤ ለደካማ ሰው ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል። የእናንተን ሆድ ግን የእኔ ቁጥር አይነግራችሁም። አንድ ዓይነት ምግብ ከመብላታችሁ በፊትና ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ። ከዚያ መለኪያው ራሱ ምን እንደሚስማማችሁ ያሳያችኋል።

ሰዓቱም ቢሆን ከምግቡ አይለይም። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቆይተን፣ ሆዳችንን ሞልተን ወዲያው የምንተኛ ብዙ ነን። ያ ሁሉ እህል ሳይሠራበት ከኛ ጋር ያድርና ጠዋት ስንለካ ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። እኔ እራቴን ወደ 1 ሰዓት አምጥቼዋለሁ፤ ከበላሁ በኋላም ግቢውን ጥቂት እዞራለሁ። ሐኪሜ ደግሞ ኩላሊቴን አስመርምሮ ግሊቤንክላማይዱን አስቀረልኝ፤ ሜትፎርሚንን በምግብ ሰዓት እንድወስድ አዘዘልኝ። ይህ ለእኔ የታዘዘ ነው። እናንተ ከእኔ ሰምታችሁ ክኒናችሁን አታቁሙ፣ አትቀንሱ፤ ማቋረጡም እንደ ማብዛቱ ያስተኛል።

ስለ ጾሙ ደግሞ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምታዝን፣ ሰዓቱን መጾም እንደማይገባኝ ነገሩኝ። አሁን ከሥጋውና ከወተቱ እከለከላለሁ፤ ጠዋት ግን እቀምሳለሁ። ያን ቀን ያቺ ጎረቤታችን መለኪያዋን ይዛ በአካባቢው ባትኖር ኖሮ፣ ዛሬ ልጆቼ ጾሙ ገደለው እያሉ ያለቅሱ ነበር። ጾሙ አይደለም፤ ማንንም ሳልጠይቅ ያለ ምግብ የዋጥሁት ክኒን ነው።

እኩዮቼ፣ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የምትውጡትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። "እስከ 9 ሰዓት ልጾም አስቤአለሁ፣ ይህን እንዴት ልውሰድ?" ብላችሁ ጠይቁት። ከመልሱ በፊት በባዶ ሆዳችሁ አንዲትም የስኳር ክኒን አትዋጡ።