«ባለ ቀለም» የተባለው ጆንያ ይፈታ!

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሁሉ «ፒፕል ኦፍ ከለር» የምትባለዋን ሐረግ ሳይሰማ አይቀርም። በእኛ አፍ «ባለ ቀለም ሰዎች» እንበላት። ለመሆኑ ቀለም የሌለው ሰው አለ እንዴ? እኛ አገር ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይባላል እንጂ ቀለም የለሽ ሰው አይተን አናውቅም። የአሜሪካኖቹ ሐረግ ግን ነጭ ያልሆነውን ሁሉ ጠቅልላ አንድ ጆንያ ውስጥ ትከታለች።

ሐቁን እንናገር ከተባለ አነሳሷ ክፉ አልነበረም። በመድልዎው ዘመን በደቡብ ግዛቶች ውሃ መጠጫ ላይ ይለጠፍ የነበረው «ከለርድ» የሚለው ቃል የመለያያ ምልክት ነበር። ይህችኛዋ ግን የትግል ቃል ናት። የጥቁር ሴቶች መብት ታጋይዋ ሎሬታ ሮስ እንደምትተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በሂዩስተን በተደረገው ብሔራዊ የሴቶች ጉባኤ ጥቁር ሴቶች የራሳቸውን አጀንዳ ይዘው መጡ። ነጭ ያልሆኑት ሌሎቹ ሴቶችም «እኛንም ጨምሩን» አሉ። ተነጋገሩና «ባለ ቀለም ሴቶች» ተባባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር መሆኑ ነው። ስሙ የደም ሳይሆን የቃል ኪዳን ነበር።

ጣጣው የመጣው ቃል ኪዳኑ የቢሮ መቁጠሪያ ሲሆን ነው። እንበልና አንድ መሥሪያ ቤት 100 ሠራተኞች አሉት። አለቅዬው ደረቱን ነፍቶ «40ዎቹ ባለ ቀለም ናቸው» ይላል። ይጨበጨብለታል! ጆንያው ሲፈታ ግን 32ቱ የእስያ፣ 6ቱ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሆነው ጥቁሮቹ 2 ብቻ ናቸው። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ደበቀ እንጂ።

ኪስም ያው ነው። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ባወጣው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 የእስያውያን ቤተሰብ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 108,700 ዶላር ገደማ ነበር። የነጩ 81,060፣ የጥቁሩ 52,860። ከነጩ የበለጠውንና የእሱን ግማሽ እንኳ የማይሞላውን በአንድ ስም ከጠራን የጥቁሩ ድህነት የት ገባ?

እኛስ? ትናንት ከቦሌ የተነሣው ሐበሻ ዋሽንግተን ሲያርፍ «ባለ ቀለም» ይሆናል። አያቶቹ በጥጥ እርሻ አልተገረፉም፤ አባቱ ጥቁር በመሆኑ የቤት ብድር አልተከለከለም። ታዲያ የእሱ መቀጠር ለዚያ በደል ካሣ ተደርጎ ሲቆጠር ባለ ዕዳው በርካሽ ተገላገለ ማለት አይደለም? በሌላ በኩል ደግሞ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው ፓስፖርቱን አይቶ አይደለም። አንድነቱም ልዩነቱም እውነት ነው።

ስለዚህ ሐረጓ ትጥፋ አላልንም። ለሰልፍ ከሆነ ትጠራ፤ ለሒሳብ ከሆነ ጆንያው ይፈታ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት ሕዝብ አደባባይ የወጣው «የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው» ብሎ ነው። የተገደለው ጥቁር ከሆነ «ጥቁር» ይባል። ስሙን መጥራት የሚያንቀው አፍ ዕዳውን እንደምን ይከፍላል?