«እናያለን» ቀጠሮ አይደለም

ኮሎምበስ ካለነው ኢትዮጵያውያን ተከራይቶ የሚኖር አለ፤ ቤት ገዝቶ ለወገኑ የሚያከራይም አለ። እንደታዘብኩት ሁለቱን ከሚያቃቅሩት ነገሮች ዋነኛው ጥገና ነው። ተከራይ ይጠይቃል፣ አከራይ «እናያለን» ይላል፣ ወሩ ያልፋል።

ዕድሜዬን በምህንድስና ያሳለፍኩ ሰው ነኝና በምሳሌ ላስረዳ። አራት ቤት ባለው ሕንፃ በፌብሩዋሪ አራት ጥያቄ ቀረበ እንበል፦ ማሞቂያ ጠፍቷል፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ የሽንት ቤት ውሃ አይቆምም፣ የቁም ሣጥን በር ወልቋል። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ማን ይቅደም? አብዝቶ የጮኸው አይደለም። አከራዩ ራሱን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሳምንት ቢቆይ ምን ይጎዳል? ዛሬ ቢሠራስ ስንት ይፈጃል?

ማሞቂያው የፈጀውን ይፍጅ እንጂ ዛሬ ይሠራል። ብርዱ ሰውን ይጎዳል፤ ቧንቧም ያፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በገና ዕለት እዚሁ ኮሎምበስ የላቲቲዩድ ፋይቭ ትዌንቲ ፋይቭ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ቧንቧ ፈንድቶ ከቤታቸው መውጣታቸውን እናስታውሳለን።

ሁለተኛው ሽንት ቤቱ ነው። ማንንም አይጎዳም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማጠራቀሚያው የላስቲክ ክዳን ነው፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ካልተቀየረ ግን በቀን እስከ 200 ጋሎን ሊያፈስ ይችላል። ርካሽና አባካኝ ነገር ወረፋ አይጠብቅም።

ጣሪያው ውድ ነው፤ የሺንግሉ ማጣበቂያም በብርድ በደንብ አይዝም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በዚህ ሳምንት ሸራ ይልበስ፤ ዋናው ሥራ አየሩ ሲሞቅ ይሠራል። የሣጥኑ በር መጨረሻ ይሁን።

አከራዩ ይህን ለተከራዩ በጽሑፍ ይንገር፦ «ቅዳሜ ሸራ እናለብሳለን፤ ጣሪያው እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይጠገናል፤ ቀኑ ከተላለፈ አስቀድሜ አስታውቅዎታለሁ።» የሚሰጠው ቀን ሁሉ ከሰመረ የሚደርስበት ሳይሆን ሠራተኛው ቢዘገይ እንኳ የማያልፈው ይሁን።

ተከራይ ወገኖቼ ደግሞ ኪራይ በመከልከል አትመልሱ። በሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ የማስወጣት ክስ ሊጀመርባችሁ ይችላል። የኦሃዮ ሕግ አንቀጽ 5321.07 የሚለው ሌላ ነው፦ ኪራያችሁን ሳታጓድሉ ጥያቄውን በጽሑፍ ስጡ። አከራዩ ተገቢ በሆነ ጊዜ፣ ቢበዛ በ30 ቀን፣ ካልጠገነ ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ማስያዝ ትችላላችሁ፤ እዚህ ለፍራንክሊን ካውንቲ ሙኒሲፓል ፍርድ ቤት ማለት ነው። ሠላሳው ቀን ጣሪያ እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ በክረምት ለጠፋ ማሞቂያ ተገቢው ጊዜ ከዚያ በጣም ያጠረ ነው። የአከራዩ ቤቶች ሦስት ወይም ከዚያ ያነሱ ከሆኑና ይህንኑ በጽሑፍ አሳውቆ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

እንግዲህ አከራዩ ቀን ቆርጦ ይጻፍ፤ ተከራዩም የጻፈበትን ቀን ይያዝ። ነገሩ ዳኛ ፊት ቢደርስ የሚመዘነው ወረቀቱ ነው።