ስቴትመንቱን ባለቤቱም ያንብበው

እዚህ አገር የባንክ ስቴትመንት የሚወጣው ሌላ ሰው እንዲያነበው ነው። ኤምባሲ ለቪዛ ይጠይቃል፤ አበዳሪ ለብድር፣ ገቢዎች ለኦዲት ይጠይቃል። ባለሂሳቡ ቅርንጫፍ ሄዶ ያሳትማል፣ ማህተሙን ያረጋግጣል፣ በፖስታ አሽጎ ያስረክባል። ምን እንደተጻፈበት ግን አያውቅም።

አንዲት የልብስ ነጋዴም እንዲሁ አድርጋ ነበር። የብድር ሠራተኛው የሦስት ወሩን ስቴትመንት እያገላበጠ «ይቺ በየወሩ የምትቆረጠው 23 ብር ምንድን ናት?» ሲላት መልስ አጣች። ማታ ከልጇ ጋር ቁጭ ብላ ወረቀቱን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረች።

በመጀመሪያ ያስደነገጣት የመስመሩ ብዛት ነው። ለአቅራቢዋ አንዴ የላከችው 5,000 ብር ሦስት መስመር ሆኖ ወጥቷል፦ 5,000.00፣ 5.00 እና 0.75። የሦስቱም ሪፈረንስ ቁጥር ግን አንድ ነው። 5 ብሩ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ 75 ሳንቲሙ ደግሞ በዚያ ክፍያ ላይ የተጣለው 15 በመቶ ቫት ነው። ልጇ አንድ ዓይነት ሪፈረንስ ያላቸውን መስመሮች በእስክርቢቶ ሲያያይዛቸው ስድስት ገጽ ሙሉ ቁጥር ቀለል አለ። ትንንሾቹ መስመሮች አብዛኞቹ የትልልቆቹ ልጆች ነበሩ። መጨረሻ ላይ መነሻቸው የማይታወቅ ጥቂት መስመሮች ብቻ ቀሩ።

አንዱ 3,200 ብር ነው፤ የተጻፈበትን ስም እሷ አታውቀውም። ተሰርቄአለሁ ብላ ደነገጠች። ሪፈረንሱ የሚጀምረው FT25045 ብሎ ነው። ቲ24 በተባለው ሶፍትዌር በሚሠሩ ባንኮች ዘንድ ይህ ኮድ ይነበባል። FT የገንዘብ ዝውውር መሆኑን ይናገራል፤ TT ቢሆን ኖሮ በመስኮት የተፈጸመ ነው ማለት ነበር። 25 ዓመተ ምሕረቱ ነው፣ በፈረንጆቹ 2025። 045 ደግሞ የዓመቱ 45ኛ ቀን ነው፦ ከጃንዋሪ 31 ቀን ሲቀነስ 14 ይቀራል፤ ፌብሩዋሪ 14፣ በእኛ የካቲት 7 ቀን 2017። በዚያ ቀን የተላላከችውን መልእክት ስትፈልግ ለሰፊው በቴሌብር የከፈለችውን ሂሳብ አገኘች። ገንዘብ ወደ ሌላ ባንክ ወይም ወደ ቴሌብር ሲሄድ በስቴትመንቱ ላይ ከተቀባዩ ይልቅ በመሃል ያለው ሂሳብ ስም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የማይታወቅ ስም ሁሉ ሌባ አይደለም። ቀኑም አንዳንዴ በአንድ ሁለት ቀን ሊዛነፍ ይችላል፤ እሑድ ወይም በበዓል የተላከ ገንዘብ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ቁጥር ሊመዘገብ ይችላልና።

የቀረችው 23 ብር ናት። አጠገቧ ትልቅ መስመር የለም፤ በየወሩ ግን በተመሳሳይ ቀን ትመጣለች። 23 ለ1.15 ሲካፈል ድፍን 20 ይሆናል። ቫት ሲወጣለት ድፍን ቁጥር የሚሆንና በወር የሚደጋገም ተቆራጭ አብዛኛውን ጊዜ የባንኩ የራሱ ክፍያ ነው፤ እርግጡን ግን የሚናገረው ባንኩ ብቻ ነው። ነጋዴዋ ኮዱን ጽፋ ቅርንጫፍ ሄደች። መልሱ አጭር ነበር፦ የስልክ መልእክት አገልግሎት ክፍያ ነው። መልእክት ግን ስልኳ ከጠፋና ቁጥሯን ከቀየረች ወዲህ ደርሷት አያውቅም፤ አገልግሎቱ የተቋረጠ መስሏት ነበር። አልተቋረጠም። ባንኩ ዘንድ የተመዘገበው ያው የድሮ ቁጥር ነው። አገልግሎት ላይ ያልዋለ ቁጥር ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ስለዚህ ገንዘብ በገባና በወጣ ቁጥር ቀሪ ሂሳቧን የሚያነበው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ወጪው ግን የእሷ ነው።

«ለ23 ብር ይህ ሁሉ ድካም?» የሚል አይጠፋም። በዓመት 276 ብር ነው፤ ማንንም አያደኸይም። ነገር ግን ትንሿ ተቆራጭ ባትኖር ኖሮ ትልቁ ቀዳዳ አይታይም ነበር። የስርቆት ዜና ሲሰማ ሁሉም የሚስጥር ቁጥሩን ይለውጣል፤ ባንኩ ዘንድ የተመዘገበ ስልኩን የሚያጣራ ግን ጥቂት ነው።

ጥፋቱ የደንበኛዋ ብቻም አይደለም። ባንኩ 23 ብሩን ሲቆርጥ የጻፈው ማብራሪያ አንድ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነበር። «የስልክ መልእክት ክፍያ» ብሎ የስልኩን የመጨረሻ አራት አሃዝ ቢጨምርበት ነጋዴዋ በመጀመሪያው ወር ትነቃ ነበር። ያቺን አንዲት መስመር በአማርኛ መጻፍ የሚያቅተው ባንክ የለም። ደንበኛው ካልጠየቀ ግን ምን ያስቸኩለዋል?

ነጋዴዋ የድሮውን ቁጥር በጽሑፍ ማመልከቻ አሰረዘች፤ ግልባጩ ላይም የገቢ ማህተም አስመታች። ብድሩ ገና በሂደት ላይ ነው። የሚቀጥለው ወር ስቴትመንት ሲወጣ ግን መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት።