ለአንድ ሰዓት ስፖርት ኦአርኤስ አያስፈልጋችሁም!

መካኒሳ አቦ አካባቢ ጠዋት ጠዋት የምትሮጡ፣ ጂም የምትገቡ፣ ልጆቻችሁን ኳስ ልምምድ የምትወስዱ ወላጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። "ላብ ጨው ይጨርሳል" ተብላችሁ ከፋርማሲ ኦአርኤስ ገዝታችሁ፣ ሃይላንድ ውስጥ በጥብጣችሁ ስፖርት የምትሠሩ ከሆነ ተዉት። ንጹሕ ውኃ ይበቃችኋል።

"ላብ ጨው የለውም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አለው። ግን ስንት ነው? ከስፖርት በፊት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጥቶ ሲጨርስ 59.7 ኪሎ ሆነ እንበል። የቀነሰው 300 ግራም ነው፤ የጠጣውን 500 ሚሊ ሊትር ስንደምርበት ያላበው 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ከሰው ሰው ቢለያይም፣ በዚህ ላብ የሚወጣው ጨው በአማካይ 2 ግራም አካባቢ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ቁርስ ላይ የሚበላው ፍርፍር ይመልሰዋል።

ኦአርኤስ የተሠራው ለተቅማጥና ለትውከት ነው። በትክክል የተበጠበጠ አንድ ሊትር ኦአርኤስ ከ4 ግራም በላይ ጨው ያህል ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህንን በየቀኑ ሲጠጣ ራሱን ይጎዳል። የአንድ ሊትሩን ፓኬት በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ደግሞ ጨውን እጥፍ ያደርገዋል፤ ለልጆች በተለይ አደገኛ ነው።

ታዲያ ጨው መቼ ይጠቅማል? ስፖርቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲረዝም፣ እንደ አፋርና ድሬዳዋ ባለ ሙቀት በብርቱ ስትሠሩ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ስትለማመዱ፣ ወይም ላባችሁ ደርቆ ልብሳችሁ ላይ ነጭ የጨው ምልክት ሲተው ነው። ያኔም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ውኃና ጨው ያለው ምግብ ይበቃል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለባችሁ ግን ስፖርቱን ትታችሁ ኦአርኤሱን ጠጡ።

ውኃም ቢሆን በግድ አይጠጣም። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ልጆችን በየእረፍቱ ጥቂት ጥቂት አጠጡ። ከስፖርት በኋላ ክብደታችሁ ከጨመረ ካላባችሁት በላይ ጠጥታችኋል ማለት ነው። ከመጠን ያለፈ ውኃ የደም ሶዲየምን ያወርዳል። ብዙ ውኃ የጠጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ከታየበት ተጨማሪ ውኃ አትስጡት፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አሠልጣኞችም ስሙ፦ ኦአርኤስ መድኃኒት ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ሳትጠይቁት ለማንም "ጠጣ" አትበሉ።

ለጂም ጓደኞቻችሁና ለወላጆች አጋሩት።