ማሽኑ «በዶላር ወይስ በሪያል?» ሲላችሁ በሪያል በሉት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሶዶም ሆነ ከአረካ፣ ከቦዲቲም ሆነ ከሌላ ከተማችን ለዑምራ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገንዘቡን ሁሉ በጥሬው ይዞ አይጓዝም። ባንክ ዶላር የሞላበት ካርድ ይሰጠዋል፤ መካ ወይም መዲና ሲደርስ በዚያ ካርድ ሆቴል ይከፍላል፣ ከኤቲኤም ሪያል ያወጣል። አብዛኞቹ ተጓዦች አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው፤ ካርዱን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙ ብዙ ናቸው። ይህን የምጽፈው እናንተ ወጣቶቹ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ነገር እንድታስረዷቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ማሽን ውስጥ ሲገባ ማሽኑ ከካርዱ የመጀመሪያ ቁጥሮች የየት አገር ካርድ እንደሆነና በምን ገንዘብ እንደሚሠራ ያውቃል። ከዚያም አንዳንድ ማሽኖች ሁለት ዋጋ ያሳያሉ፤ አንዱ በሪያል፣ ሌላው በዶላር። ዶላሩ የምናውቀው ገንዘብ ስለሆነ ሰው ወደሱ ያደላል። «ስንት እንደተቀነሰብኝ አሁኑኑ ባውቅ ይሻላል» ይላል። የኔ ሐሳብ ግን ግልጽ ነው፦ ሁልጊዜ የምትከፍሉበትን አገር ገንዘብ ምረጡ። ሳዑዲ ከሆናችሁ ሪያል፣ ዱባይ ከሆናችሁ ድርሃም።

ምክንያቱ ምንዛሪውን የሚሠራው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በሪያል ስትከፍሉ ሪያሉን ወደ ዶላር የሚቀይሩት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ እና ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ናቸው። በዶላር ስትከፍሉ ግን የሚመነዝረው በዚያ ያለው የማሽኑ ባንክ ወይም ከሱ ጋር የሚሠራ ድርጅት ነው። ዋጋውን ራሱ ያወጣል፣ ትርፉንም ውስጡ ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜም ከትርፉ ለሱቁ ወይም ለሆቴሉ ያካፍላል። አንዳንዱ ሻጭ ዶላሩን እንድትመርጡ የሚገፋፋው ስለዚህ ነው።

ሳዑዲ ላይ ይህን ትርፍ መያዝ ቀላል ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ ታስሯል፤ 1 ዶላር 3.75 ሪያል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ከ3.75 በታች የሆነ ምንዛሪ ካያችሁ ልዩነቱ የማሽኑ ባለቤት ትርፍ ነው።

በቁጥር እንየው። አባታችሁ መካ ላይ የሆቴል 1,800 ሪያል ሊከፍሉ ነው እንበል። ማሽኑ ሁለት ምርጫ አቀረበ፦ 1,800 ሪያል ወይም 500 ዶላር። 500 ዶላር የተሟላ፣ ንጹሕ ቁጥር ይመስላል። ግን 1,800ን ለ500 ስታካፍሉ 3.60 ይመጣል። በ3.75 ቢሰላ ግን 480 ዶላር ነበር። አንድ ቁልፍ በመጫን 20 ዶላር ሄደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «የኛም ባንክ እኮ በውጭ ገንዘብ ስንከፍል ያስከፍላል» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። የባንካችሁ ክፍያ 2 በመቶ ነው ብለን ብናስብ 480 ዶላሩ 489.60 ይሆናል። አሁንም ከ500 ያንሳል። በዚህ ምሳሌ ዶላር መምረጥ የሚያዋጣው የባንካችሁ ክፍያ ከ4 በመቶ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ያም ቢሆን ግብይቱ ውጭ አገር ስለተፈጸመ ብለው በዶላር የተከፈለውንም የሚያስከፍሉ ባንኮች አሉ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ካርዱን የሰጣችሁን ቅርንጫፍ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በሪያል ስከፍል ስንት በመቶ ትቆርጣላችሁ? ውጭ አገር በዶላር ስከፍልስ ትቆርጣላችሁ?

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። ካርዱ የኢትዮጵያ ስለሆነ ማሽኑ «በብር ልቀንስ?» ቢል «የአገሬ ገንዘብ ነው» ብላችሁ እሺ እንዳትሉ። በካርዱ ውስጥ ያለው ዶላር ከሆነ፣ ሪያሉ መጀመሪያ ወደ ብር፣ ቀጥሎ ብሩ ወደ ዶላር ይመነዘራል። ሁለት ጊዜ ምንዛሪ፣ ሁለት ጊዜ ኪሳራ።

ኤቲኤም ላይ ደግሞ ሰው የሚደናገረው በቃሉ ነው። ስክሪኑ ላይ Accept Conversion እና Decline Conversion የሚሉ ሁለት ቁልፎች ሊመጡ ይችላሉ። Decline የሚለውን ሲያዩ «ገንዘቡ አይወጣልኝም» ብለው የሚፈሩ አሉ። አይደለም። የምትከለክሉት ምንዛሪውን ብቻ ነው፤ ሪያሉ ይወጣላችኋል። ለእናታችሁ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ ወይም ስልካቸው ላይ በፎቶ አድርጋችሁ ስጡ።

ሱቅና ሆቴል ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ሻጩ ሳይጠይቃችሁ ዶላሩን ራሱ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት ስክሪኑን አይታችሁ SAR የሚል መሆኑን አረጋግጡ። USD ካለ «ሪያል» በሉት፣ ሻጩ ይገባዋል። ፒኑ ገብቶ ካለቀ ደረሰኙን እዩ። ሁለት ዋጋና የምንዛሪ መጠን ከተጻፈበት ተመንዝሯል ማለት ነው። ከቦታው ሳትነሱ ክፍያው ተሰርዞ በሪያል እንዲሠራ ጠይቁ። ነገር ግን የተሰረዘው ገንዘብ ወደ ካርዱ ለመመለስ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ መጀመሪያ በካርዱ ለሁለተኛው ክፍያ የሚበቃ ቀሪ መኖሩን አረጋግጡ። ሻጩ እምቢ ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ ለባንካችሁ አቤት በሉ። በቪዛም ሆነ በማስተርካርድ ደንብ ምርጫው የደንበኛው ነው፣ ዋጋውም ሊነገረው ይገባል።

«ታዲያ ይህ ሪባ ነው?» ለሚል ወጣት፦ የተለያዩ ሁለት ገንዘቦች እጅ በእጅ እስከሆነ ድረስ በተስማሙበት ዋጋ ይመነዘራሉ፤ መንዛሪው ማትረፉ በራሱ ሪባ አያደርገውም። የኔ ቅሬታ ስምምነቱ ላይ ነው። የማያነቡትን ስክሪን ፊት አቅርቦ፣ ወይም ሳይጠይቁ ቁልፍ ተጭኖ «ተስማምተዋል» ማለት ከመስማማት አይቆጠርም። የመረጠ ሰው የሚባለው ሁለቱን ዋጋ አውቆ የመረጠ ነው።

ሕጉ በተቃራኒውም ይሠራል። ከውጭ የመጣ ዘመድ የውጭ ካርዱን ይዞ ሶዶ ላይ ኤቲኤም ፊት ቢቆምና ማሽኑ በአገሩ ገንዘብ ልመንዝር ቢለው፣ ለሱ የሚሻለው ብር ነው።

ዱባይ ለንግድ ለምትሄዱ የድርሃሙ መለኪያ 1 ዶላር በ3.6725 ነው። እንደ ቱርክ ያለ ገንዘቡ ቋሚ ዋጋ በሌለው አገር ደግሞ የዕለቱን ምንዛሪ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል።

በቤታችሁ በቅርቡ የሚጓዝ ሰው ካለ ዛሬ ማታ አብራችሁት ተቀመጡና 3.75ን አስጠኑት። ካልኩሌተር ላይ የሪያሉን ዋጋ በዶላሩ ማካፈል ብቻ ነው።

ጉዞውን መቅቡል ያድርግላቸው። ወላሁ አዕለም።