የሰው ቻት ልካችሁ «በሽታው ምንድን ነው?» አትበሉኝ



ወደ ኢንቦክስ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ዓይነት እየበዛ ስለሆነ ዛሬ በግልጽ ልናገር። የቻት ስክሪንሾት ይላካል፤ ከሥሩ «ዶክተር፣ እስቲ ይህን አንብበው በሽታው ምን እንደሆነ ይንገሩኝ» ይላል። ቻቱ የላኪው አይደለም። የእጮኛ፣ የባል፣ የምራት ወይም የቤት ሠራተኛ ነው። አንዳንድ የጤና ገጾች ደግሞ ስሙን በቀለም ለቅለቅ አድርገው ይለጥፉትና «ቤተሰብ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?» ይላሉ። ከዚያ የኮሜንቱ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። እኔ ይህን ነውር ነው እላለሁ፤ የሚሠሩትም ሐኪሞች ከሆኑ ደግሞ የባሰ ነውር ነው።

ይሁን እንጂ «ስክሪንሾት አላይም» ብሎ በር መዝጋትም መልስ አይደለም። ከምስሉ ጀርባ ብዙ ጊዜ የላኪው እውነተኛ ጭንቀት አለ። ጥያቄው የት ድረስ ማንበብ ይገባል የሚለው ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ የላኪውን ጤና እስከሚመለከተው ድረስ ብቻ።

በምሳሌ ላሳያችሁ። (የማንም ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከተለመዱ ጥያቄዎች ገጣጥሜ የሠራሁት ነው።) ሠርጓ ሁለት ወር የቀራት ልጅ እጮኛዋ ከወንድሙ ጋር በቴሌግራም ያወራውን አየች። «ውጤቱ መጣ፣ ጉበት ነው አሉኝ፣ ለእሷ እንዳትነግራት» ይላል። ከሥሩ የላብራቶሪ ወረቀት ፎቶ አለ፤ HBsAg: Positive ይላል፤ ሄፓታይተስ ቢ ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ልካ ሦስት ነገር ትጠይቃለች። በሽታው ምን ያህል ጠንቶበታል? ከየት አመጣው፣ ከሌላ ሴት ጋር ነበር ማለት ነው? እኔንስ ይዞኝ ይሆን?

ሦስተኛው ጥያቄ የእሷ ነው። ሁለቱ የእሱ ናቸው። የእሱን የማልመልሰው ግን ለምስጢር ብዬ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ መልሱን አይዝም።

ውጤቱ የሚለው ቫይረሱ አሁን በደሙ ውስጥ መኖሩን ነው፤ ያም ወረቀቱ የእሱ ከሆነ ነው። ሥር የሰደደ የሚባለው ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ነው፤ አንድ ወረቀት ይህን አያሳይም። ጉበቱ ተጎድቶ እንደሆነ ለማወቅ የጉበት ኢንዛይም፣ የቫይረሱ መጠን፣ አልትራሳውንድ፣ ከሁሉም በላይ ሰውየውን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። ቫይረሱ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው በየጊዜው ክትትል ነው።

«ከየት አመጣው» ለሚለው ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተያዘበት ቀን አልተጻፈም። ሄፓታይተስ ቢ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ከእናቱ በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን ካልተከተበ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ቫይረሱ ሥር ሰዶ አብሮት ያድጋል። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ጤነኛ ሰው ግን በአብዛኛው ሰውነቱ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ በእኛ አገር ምንም ሳያመው በምርመራ የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይዞት የኖረ ነው። «ወስልቷል» የሚለው ንባብ ከዚያ ወረቀት አይወጣም። ኮሜንት ላይ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ነው፤ በዚህ ግምት የፈረሰ ትዳር ማን ይጠግነዋል?

አሁን ወደ እሷ ጥያቄ። ሦስት የደም ምርመራ ታድርግ፦ ቫይረሱ እንዳለባት፣ መከላከያ እንዳላት፣ ቀድሞ ተይዛ እንደነበር የሚያሳዩትን። ሁሉም ነጻ ከሆነ ትከተብ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። ሠርጉ ሁለት ወር ከቀረው ሁለቱን መውሰድ ትችላለች። ሦስተኛው ተወስዶ፣ ከዚያ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ መከላከያው መፈጠሩ በደም ምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ። ሰሞኑን ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ ግን ዛሬውኑ ጤና ተቋም ትሂድ፤ እዚያ የሚደረግላት ነገር ቀን ባለፈ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ አይጋሩ። አብሮ መብላት፣ መጎራረስ፣ ተቃቅፎ ሰላም መባባል አያስተላልፍም። ስታረግዝም ለሐኪሟ ትንገር፤ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተባል።

ይህን ሁሉ ስመልስ ከስክሪንሾቱ ምን ተጠቀምኩ? ምንም። «ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ጋር ልጋባ ነው» የሚል አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር።

«ዶክተር፣ የማወቅ መብት የለኝም እንዴ?» የምትሉ አላችሁ። አላችሁ። እጮኛዋ ሊነግራት ይገባል፤ የእኔ ታካሚ ቢሆን «ንገራት፣ ከፈለግህ አብራችሁ ኑና እኔ ላስረዳ» እለው ነበር። «እንዳትነግራት» ማለቱ ልክ አይደለም። መንገዱ ግን ሁለቱም ከጋብቻ በፊት አብረው መመርመር ነው። ለኤችአይቪ የሚመረመሩ ጥንዶች እግረ መንገዳቸውን ሄፓታይተስ ቢንም ማስመርመር ይችላሉ። ከጀርባው ወረቀቱን ለማያውቀው ሐኪም ማስነበብ ይህን አይተካም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን ሳይቀር የሚጠብቀው ለባልና ለእጮኛ ልዩ በር ትቶ አይደለም።

«ስሙን አጥፍቼዋለሁ» የሚለው መከላከያም ደካማ ነው። በስልክ ማድመቂያ ብዕር የተሰመረበት ስም ብዙ ጊዜ በግማሽ ያሳያል፤ የምስሉን ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ይነበባል። ስሙ ቢጠፋ የካርድ ቁጥሩ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የወንድምየው ፕሮፋይል ፎቶ ከላይ ቁጭ ብሏል። በትንሽ ከተማ የጤና ጣቢያው ማኅተም ብቻ ይበቃል። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ ለመግባት ሄፓታይተስ ቢ መመርመር ብዙ ጊዜ ግዴታ ነው፤ የተገኘበትም ላይፈቀድለት ይችላል። እንዲህ ያለ ምስል በቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ አብሮ ይዞራል።

ከመስመሩ የማልፍበት አንድ ቦታ አለ። «ከእንግዲህ አታገኙኝም፣ ልጄን አደራ» የሚል መልእክት ከላካችሁልኝ በደንብ አነበዋለሁ። ያኔም የማነበው «ድብርት ነው ወይስ ሌላ» ለማለት አይደለም፤ ያ ከቻት አይታወቅም። የማየው ሰውየው ብቻውን እንደሆነ፣ በምን እንደሚያደርገው መናገሩን፣ የፀረ ተባይ መርዝ ወይም መድኃኒት እጁ ላይ መኖሩን ነው። መልሴም አንድ ነው፦ ቅርብ ያለ ሰው አሁኑኑ ይሂድ፣ ብቻውን አይተወው፣ መርዙን ያርቅ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰደው። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም፤ አትፍሩ። ስክሪንሾቱም የሚላከው ለሚደርስለት ሰው ብቻ ነው እንጂ ለቤተሰብ ግሩፕ አይደለም።

ለሌላው ሁሉ የራሳችሁን ዕድሜ፣ የሚሰማችሁን፣ የምትፈሩትን ጻፉልኝ። የራሳችሁን ውጤት ስትልኩ ስምና ካርድ ቁጥሩን በብዕር አትሸፍኑ፤ ቆርጣችሁ አውጡት፤ ዕድሜና ቀኑ ይቅር። የሌላ ሰው ቻት ከመጣ የእናንተን ድርሻ መልሼ ምስሉን አጠፋዋለሁ። እናንተም ቴሌግራም ላይ ስትሰርዙት ለሁለታችንም እንዲጠፋ አድርጉ።